«ደክሞኛል»፣ «ደክሞኝ ነው»፣ «ደክሜያለሁ»፦ ከደከመ ፊት ሥር የሚጻፍ ቃል

ከወራት በኋላ የተገናኙ ዘመዳሞች ከሰላምታው ቀጥሎ «ምነው ከሳሽ? ምነው ጠቆርሽ?» መባባላቸው የተለመደ ነው። ጥያቄው ነቀፌታ ሳይሆን የአሳቢነት ምልክት ነው፤ ተጠያቂዋ ግን ስለ ፊቷ መልስ መስጠት ይጠበቅባታል። የደከመ ፊት ያለበትን ፎቶ በማኅበራዊ መገናኛ ላይ የምትለጥፍ ሴት ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አስቀድማ ታውቃለች። ከሥሩ የምትጽፈው ቃልም ብዙውን ጊዜ ገና ላልተጠየቀ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው።

መልሱን ለመስጠት አማርኛ ሦስት ተቀራራቢ መንገዶች አሉት። «ደክሞኛል» ስትል ድካሙ በባለቤቷ ላይ የደረሰ ነገር ይሆናል። እንደ «ርቦኛል» እና «በርዶኛል» ሁሉ፣ ሰውየዋ በግሡ ውስጥ የምትታየው በተሳቢ ቅጥያ «-ኝ» ብቻ ነው። «ደክሜያለሁ» ስትል ግን ራሷ ባለቤት ትሆናለች፤ «ስንት ደክሜ ያሳደግሁት ልጅ» እንደሚባለው ድካሙ ወደ ልፋት ይጠጋል። (በሕመም ወይም በእርጅና ስለ መዛል ሲነገርም ይኸው ቅርጽ ያገለግላልና፣ ያለ ዐውድ ብቻውን ቢቆም ሊያሳስት ይችላል።) ሦስተኛው «ደክሞኝ ነው» ነው። መጨረሻው ላይ ያለው «ነው» ተመልካቹ አንድ ነገር እንዳስተዋለ አስቀድሞ ይቀበላል፤ ምክንያት ያቀርባል፣ ፊቱንም ይቅርታ እንደሚጠየቅበት ነገር ያደርገዋል። በሐቀኝነት ረገድ ሦስቱም እኩል እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። የሚለያዩት ተመልካቹን በሚጠይቁት ነገር ነው።

ለምሳሌ አንዲት የልደታ ማርያም አካባቢ ነዋሪን እናስብ። የግንቦት ልደታ ዋዜማ ነው፤ ከጎረቤት ጋር ደጅ ላይ እሳት ነድዶ፣ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ ቡና ተፈልቶ እስከ እኩለ ሌሊት ተቆይቷል። ግንቦት 1 ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በቀትር ፎቶ ትነሣለች። ዐይኖቿ በጢሱና በእንቅልፍ እጦት ቀልተዋል፣ ነጠላዋ ተጨማድዷል። «ደክሞኛል» ብላ ብትለጥፍ የምታገኘው መልስ «አይዞሽ፣ ምን ሆነሽ ነው?» የሚል ይሆናል፤ ቃሉ ሁኔታን እንጂ ምክንያትን አልነገረምና። «ደክሞኝ ነው እንጂ እንዲህ አልነበርኩም» ብትል ደግሞ ወዳጆቿ «ኧረ ቆንጆ ነሽ» ለማለት ይገደዳሉ፤ ጽሑፉ ሳያስበው የሙገሳ ልመና ሆኗል። «የልደታን ንፍሮ ስንቀቅል አመሸን፤ ይኸው ከነጢሱ» ብትል ግን ፊቷ የሚነበበው ከሌሊቱ ሥራ ጋር ነው። «ከነ» የሚለው ቅድመ ቅጥያ እዚህ ብዙ ይሠራል፦ «ከነልብሱ ተኛ» እንደሚባለው፣ ሊወገድ ይችል የነበረው ነገር አብሮ መቅረቱን ያለ ሐተታ ይናገራል። የሚጠበቀው መልስም «እንኳን አደረሳችሁ» ነው።

ይሁንና ፎቶው የሚያሳየው ድካም ሁሉ የሰውየዋ አይደለም። በግንቦት መጀመሪያ የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ለመሆን ጥቂት ብቻ ይቀራታል፤ ብርሃኑ ከላይ ሲወርድ የዐይን ጉድጓድ ይጨልማል፣ ከዐይን ሥር ያለው ጥላም ይጠቁራል። ይህን ለመለየት ያንኑ ፊት በበር ጥላ ሥር እንደገና ማንሣት ይበቃል፤ ጥቁረቱ ከጠፋ የብርሃን ሥራ ነበር፣ መቅላቱ ከቀረ የሌሊቱ ነው። ተቃራኒውም ይከሰታል። በርካታ ስልኮች በፊት ካሜራ ሲነሣባቸው ሳይጠየቁ ቆዳን ያለሰልሳሉ። በዚህ ጊዜ «ምንም ያልተነካ» የሚል ጽሑፍ ጸሐፊዋ ሳታውቅ ሐሰት ይሆናል። «እኔ ምንም አልነካሁትም» ማለት ጠባብ ቢሆንም እውነት ነው።

ጽሑፍ ምስልን ምን ያህል ሊያርም ይችላል የሚለው ጥያቄ በሌላ አገር ተፈትኗል። አውስትራሊያዊቷ ኢሴና ኦኒል እ.ኤ.አ. በ2015 ቀድሞ በኢንስታግራም የለጠፈቻቸውን የተዋቡ ፎቶዎች መግለጫ እየለወጠች፣ ከእያንዳንዱ ጀርባ የነበረውን ዝግጅት መግለጥ ጀመረች። ጃስሚን ፋርዱሊ እና ኤሊስ ሆላንድ በ2018 ባሳተሙት ጥናት እንዲህ ያለውን መግለጫ ከተዋቡ ምስሎች ጋር ለወጣት ሴቶች አሳዩ። ጽሑፉ ተመልካቾቹ ስለ ገዛ ሰውነታቸው ያላቸውን ቅሬታ አልቀነሰም፤ ስለ ለጣፊዋ የነበራቸው ግምት ግን ዝቅ አለ። ጥናቱ የደከመ ፊትን አልመረመረም፤ ስለዚህ ውጤቱን እንዳለ ወደዚህ ማዛወር አይገባም። ሆኖም ምስሉና ቃሉ ሲጋጩ ዋጋውን የምትከፍለው ጸሐፊዋ መሆኗን ይጠቁማል። በንፍሮው ፎቶ ላይ ይህ ግጭት የለም፤ የቀላው ዐይንና «ከነጢሱ» የሚለው ቃል ስለ አንድ ሌሊት ይናገራሉ። ግጭቱ የሚመጣው ከንፈሯን በጥንቃቄ ቀብታ ሳለ «እንዲሁ ከእንቅልፌ እንደተነሣሁ» ብትጽፍ ነው።