ግማሽ ሰዓት ፔዳል፣ ሃያ ደቂቃ ብርሃን

የእህቴ ልጅ ፎገራ ሜዳ ላይ በሚገኝ መብራት ያልደረሰው መንደር የሚኖር የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። አገሩ ለጥ ያለ ስለሆነ ትምህርት ቤት የሚሄደው በብስክሌት ነው፤ ጠዋት ግማሽ ሰዓት፣ ማታ ሲመለስ ግማሽ ሰዓት። አንድ ቀን ከተጣለ ብስክሌት ላይ ዲናሞ ነቀለ። እንደ ትንሽ ጠርሙስ ያለች ናት፤ አናቷ ከጎማው ጎን ተጠግቶ ሲሽከረከር ውስጧ ያለው ማግኔት በመዳብ ሽቦ ጥቅል መሃል ይዞራል። ገላዋ ላይ «6 ቮልት፣ 3 ዋት» የሚል ተጽፏል።

መጀመሪያ አምፖሉን በቀጥታ አገናኘው። ሲነዳ ይበራል፣ ሲቆም ይጠፋል። እሱ ግን ብርሃን የሚፈልገው ቤት ቁጭ ብሎ ለማጥናት ነው። ስለዚህ ከተበላሸ የእጅ ባትሪ ውስጥ 6 ቮልት የእርሳስ ባትሪ አወጣ። ይህንንም ያለ ምንም ነገር ከዲናሞዋ ጋር ቢያያይዘው አልሞላም። ከዲናሞ የሚወጣው ኤሌክትሪክ አቅጣጫውን እየቀያየረ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ባትሪ ደግሞ የሚሞላው በአንድ አቅጣጫ በሚፈስ ብቻ ነው። ብስክሌቱ ሲቆም ደግሞ ባትሪው የያዘውን በሽቦው ጥቅል በኩል መልሶ ያፈሰዋል። መፍትሔው አራት ዳዮድ ነበር። ዳዮድ ወደ አንድ ወገን ብቻ እንደሚከፈት በር ነው፤ አራቱ በአግባቡ ሲገጠሙ የሚመላለሰውን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይመሩታል።

ቅዳሜ ከሰዓት ባዶውን ባትሪ ጭኖ ግማሽ ሰዓት ነዳ። ማታ 3 ዋት የሆነ የኤልኢዲ አምፖል ሰካበት። ቤቱ በራ፣ እናቱም እልል አለች። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ጠፋ።

ልጁ ባትሪው ሞቷል ብሎ ደመደመ። ሰኞ ለፊዚክስ መምህሩ ነገራቸው።

«ዲናሞዋ ስንት ዋት ናት?» አሉት።

«3 ዋት ናት፣ ቲቸር። አምፖሉም 3 ዋት ነው። እኩል ናቸው፤ ለምን አላደረም?»

«ስንት ሰዓት ነዳህ?»

ያልጠበቀው ጥያቄ ነበር። ዋት ኤሌክትሪኩ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚመነጭ ወይም እንደሚበላ ይናገራል እንጂ ምን ያህል እንደተጠራቀመ አይናገርም። ከምንጭ ውሃ ስትቀዱ ምንጩ ወፍራም ወይም ቀጭን መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ጀሪካኑ ውስጥ የገባው ውሃ ሌላ ነገር ነው። ዋት የምንጩ ውፍረት ነው። የተጠራቀመው የሚለካው ዋትን በሰዓት አባዝቶ ሲሆን ዋት-ሰዓት ይባላል።

መምህሩ ሰሌዳ ላይ አሰሉለት። 3 ዋት ለግማሽ ሰዓት ሲመነጭ 1.5 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ዳዮዶቹና ባትሪው በመንገድ ሲሶውን ያህል ይበላሉ፤ 1 ዋት-ሰዓት ይቀራል። ያንን 3 ዋት የሚስብ አምፖል በሃያ ደቂቃ ይጨርሰዋል። ባትሪው ደህና ነበር፤ ሒሳቡ ከታየው ጋር ልክ ገጠመ።

ከዚያ ወዲህ ልጁ አምፖሉን 1 ዋት ብቻ በሚስብ ቀየረ። ትምህርት ቤት ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ይነዳል፤ 3 ዋት-ሰዓት ያመነጫል፣ 2 ይተርፈዋል፣ ሁለት ሰዓት ያጠናል። ብርሃኑ ከበፊቱ ቢደበዝዝም አምፖሉን ወደ ደብተሩ ዝቅ አድርጎ ሰቅሎታል። መደብዘዝ ሲጀምር ያጠፋዋል፤ ባዶ ሆኖ የሰነበተ የእርሳስ ባትሪ ኃይል የመያዝ አቅሙን ያጣልና። ባትሪው 6 ቮልትና 4 አምፒር-ሰዓት ስለሆነ ሲሞላ 24 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ከባዶ ለመሙላት፣ በመንገድ የሚባክነው ሳይቆጠር እንኳ፣ ስምንት ሰዓት ፔዳል መርገጥ ይጠይቃል። እግሩም ያውቀዋል፤ ዲናሞዋ ጎማውን ስትነካ ብስክሌቱ ይከብዳል።

እኛ ለሁለቱም «ኃይል» የሚል አንድ ቃል ስለምንጠቀም እንስታለን። ይባስ ብሎ በዜና «ሜጋ ዋት በሰዓት» ሲባል እንሰማለን። «በሰዓት» ማካፈል ነው፤ ዋት-ሰዓት ግን ማባዛት ነው። ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ሲባል የዲናሞዋ 3 ዋት ዓይነት ቁጥር ነው፤ ሁሉም ተርባይኖች በሙሉ አቅም ሲዞሩ የሚያመነጩት ነው። በዓመት ይጠበቃል የሚባለው 15,760 ጊጋ ዋት-ሰዓት ደግሞ የጀሪካኑ ቁጥር ነው። ተርባይኖቹ ዓመቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት በሙሉ አቅም ቢዞሩ ኖሮ 45,000 ያህል ይደርስ ነበር። የሚጠበቀው ሲሶውን ያህል ነው፤ ወንዙ የሚያመጣው ውሃ ተርባይኖቹን ሁልጊዜ በሙሉ አቅም አያዞርምና።

የቤትዎ ቆጣሪም የሚቆጥረው ኪሎ ዋት-ሰዓት ነው። የሚቀጥለው ቢል ሲመጣ አምፖሉ ወይም ምድጃው ስንት ዋት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ስንት ሰዓት እንደሠራም ይጠይቁ።