ለሦስት ዓይነት መድኃኒት ሦስት ዓይነት ሕግ

ከጭሮ የተነሳ መኪና በዴሳንና ገለምሶን አልፎ ነው መቻራ የሚገባው። እዚያ ያለ ጤና ጣቢያ አንድ መድኃኒት ሲያልቅበት "እስከ ማታ ይመጣልኛል" ማለት አይችልም። ስለዚህ የመድኃኒት ክፍሉ ሠራተኛ በየሁለት ወሩ የመጠየቂያ ቅጹን ሲሞላ ከባዱ ጥያቄ አንድ ነው፦ ከእያንዳንዱ ምን ያህል ልጠይቅ?

አገር አቀፍ ቀመር አለ። በተቀናጀው የመድኃኒት ሎጂስቲክስ ሥርዓት መሠረት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ቢበዛ የ4 ወር፣ ቢያንስ የ2 ወር ክምችት ይይዛሉ። ክምችቱ የግማሽ ወር ብቻ ሲቀረው የአስቸኳይ ጥያቄ ይላካል። "የወር" የሚባለው መጠን የሚወጣው ካለፉት ሁለት ወራት ፍጆታ ነው።

ቀመሩ ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል። ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ያምናል፦ መጪው ወር ያለፈውን እንደሚመስል። ሁሉም መድኃኒት እንዲህ አይደለም። እዚህ ላይ ነው ሁለት አመዳደቦች የሚያስፈልጉት።

የመጀመሪያው ኤ፣ ቢ፣ ሲ ይባላል። የሚጠይቀው "ገንዘቡ የት ነው ያለው?" ብሎ ነው። የዓመቱን ፍጆታ በዋጋ አባዝታችሁ ከትልቁ ወደ ትንሹ ስትደረድሩ፣ ጥቂት ዓይነቶች አብዛኛውን ብር ሲበሉ ታያላችሁ። እነዚህ ኤ ናቸው፤ ብዙዎቹ ርካሾች ደግሞ ሲ። ዘዴውን በፈረንጆቹ 1951 ያስተዋወቀው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ባልደረባ የነበረው ፎርድ ዲኪ ነው።

ሁለተኛው ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ ነው። እሱ ስለ ብር አይጠይቅም፤ "ፍጆታው ልማድ አለው ወይ?" ነው የሚለው። ኤክስ በየወሩ ተመሳሳይ፣ ዋይ ከፍ ዝቅ የሚል፣ ዜድ መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ነው። ለመለየት የስድስት ወር ፍጆታ ከቢን ካርድ ላይ አውጡና በስልካችሁ የሠንጠረዥ መተግበሪያ ላይ ይህን ጻፉ፦

```
=STDEV.P(B2:G2)/AVERAGE(B2:G2)
```

ውጤቱ ፍጆታው ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ይነግራችኋል። እኔ እስከ 25 በመቶ ያለውን ኤክስ፣ እስከ 100 በመቶ ያለውን ዋይ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ዜድ እላለሁ። ድንበሩ ሕግ አይደለም፤ እንደ ተቋሙ ሊለወጥ ይችላል።

አሁን ሦስት መድኃኒት እንያዝ። ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት ያዘጋጀኋቸው ናቸው እንጂ የየትኛውም ጤና ጣቢያ መዝገብ አይደሉም።

አንደኛው የደም ግፊት መድኃኒቱ አምሎዲፒን ነው። ከመስከረም እስከ የካቲት 2900፣ 3100፣ 3000፣ 3050፣ 2950፣ 3000 ፍሬ ወጣ እንበል። መዋዠቁ 2 በመቶ ገደማ ነው፤ ጥርት ያለ ኤክስ። ታካሚዎቹ ያው ናቸው፣ በየወሩ ይመጣሉ። ለዚህ አገር አቀፉ ቀመር ልክ ነው፦ ቢበዛ 12000፣ ቢያንስ 6000። ማሰብ አያስፈልግም፤ ቅጹን መሙላት ይበቃል።

ሁለተኛው የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም ነው። በዚሁ ጊዜ የ90፣ የ150፣ የ120፣ የ40፣ የ10፣ የ10 ሰው ሕክምና ወጣ። መዋዠቁ 77 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ዋይ። ቀመሩ እዚህ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። በሐምሌና በነሐሴ በወር 10 ሰው ብቻ ታክሞ ከነበረ፣ የነሐሴ መጨረሻ ጥያቄ ከፍተኛውን ክምችት 40 ላይ ይቆርጠዋል። መስከረም ብቻውን ግን 90 ይፈልጋል! በጥቅምት መጨረሻ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፦ የሁለቱ ወራት 240 በእጥፍ ሲሰላ 480 ይሆናል። ቀጣዮቹ አራት ወራት የሚፈልጉት 180 ነው። የተረፈው 300 መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ጊዜው ማለፉን ይጠብቃል።

ቀመሩ ሁለቱንም ጊዜ የተሳሳተው ወደ ኋላ ስለሚያይ ነው። ወባ ደግሞ የሚመጣበት ወቅት አለው፤ አብዛኛው ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ሌላው በበልግ ዝናብ ዙሪያ። ስለዚህ ለዋይ የሚሻለው ያለፉትን ሁለት ወራት ሳይሆን ያለፈውን ዓመት ተመሳሳይ ወራት ማየት፣ በዘንድሮው ዝናብና ከቆላ ቀበሌዎች በሚመጣው ሪፖርት ማስተካከል፣ ምክንያቱንም ጥያቄው ላይ መጻፍ ነው።

ሦስተኛው ማግኒዥየም ሰልፌት ነው። በእርግዝና ወይም በወሊድ ጊዜ የደም ግፊት አይሎ እናት ስትንዘፈዘፍ የሚሰጣት መድኃኒት ነው። በስድስቱ ወር ያገኙት እናቶች 0፣ 0፣ 3፣ 0፣ 1፣ 0 ይሁኑ። መዋዠቁ 166 በመቶ ነው። ብዙ ገንዘብ ስለማይበላ በኤ፣ ቢ፣ ሲ ደግሞ ሲ ውስጥ ይወድቃል። የሲ እና የዜድ ጥምር ነው ማለት ነው። የንግድ መጽሐፍት ለዚህ ሳጥን የሚሰጡት ምክር የታወቀ ነው፦ አታስቀምጥ፣ ሲጠየቅ እዘዝ።

ሱቅ ቢሆን ያስኬዳል። እዚህ ግን እናት ትሞታለች።

ቀመሩም አያድናትም። አማካዩ በወር 0.67 እናት ነው። የግማሽ ወሩ የአስቸኳይ መስመር 0.33 እናት ይሆናል። ማለትም ማስጠንቀቂያው የሚጮኸው ለአንዲት እናት እንኳ የሚበቃ መድኃኒት ከጠፋ በኋላ ነው።

ለዚህ ነው ጤና ተቋማት ከኤ፣ ቢ፣ ሲ ጎን ሌላ ጥያቄ የሚጨምሩት፦ ሕይወት አድን ነው፣ አስፈላጊ ነው ወይስ ባይኖርም ይታለፋል? ዜድ ሆኖ ሕይወት አድን የሆነን መድኃኒት በአማካይ ሳይሆን በሰው መቁጠር ይሻላል። በአንድ ወር ከታየው ትልቁ ቁጥር ተነሱ፤ በምሳሌያችን የሦስት እናት ሙሉ ሕክምና ነው። ይህ ቋሚ መጠን ይቀመጥ፣ አንዷ በታከመች ቀን ምትኩ ይጠየቅ። በየወሩ የሚታየው ደግሞ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ሦስቱ አሉ ወይ? የአገልግሎት ጊዜያቸውስ መቼ ያበቃል? አንዳንዱ ሳይነካ ጊዜው ያልፍበታል። ያ ኪሳራ እንደ ኢንሹራንስ ክፍያ ይቆጠር።

አንድ ወጥመድ ግን ስሌቱን ሁሉ ሊያበላሽ ይችላል፦ ዜሮ። ወደ አምሎዲፒን እንመለስ። በየወሩ ልክ 3000 የሚወጣ መድኃኒት በኅዳር ጨርሶ ከመደርደሪያው ጠፋ እንበል። ቢን ካርዱ ለኅዳር የወጣውን ዜሮ ያሳያል። ቀመሩ ሲሠራ መዋዠቁ ወደ 45 በመቶ ያሻቅብና ጨዋው ኤክስ ዋይ ይባላል። አማካዩም ወደ 2500 ስለሚወርድ ቀጣዩ ጥያቄ ያንሳል፣ መድኃኒቱ እንደገና ያልቃል። ታካሚው እኮ መጥቶ ነበር፤ ባዶ እጁን ነው የተመለሰው።

መለያው ቀላል ነው። ዜሮ ባያችሁበት ወር የቢን ካርዱን ቀሪ ዓምድ ተመልከቱ። ቀሪው ዜሮ ካልሆነ፣ ፈላጊ አልነበረም ማለት ነው፤ ቁጥሩ ይያዝ። ቀሪውም ዜሮ ከሆነ ግን መድኃኒቱ ነው ያልነበረው፤ ያንን ወር ከስሌቱ አውጡት። መድኃኒቱ ለጥቂት ቀናት ብቻ ጠፍቶ ከነበረ ደግሞ ፍጆታውን መድኃኒቱ በነበረባቸው ቀናት አካፍላችሁ ወደ ሙሉ ወር አምጡት። የሪፖርትና መጠየቂያ ቅጹ ላይ መድኃኒቱ የጠፋባቸው ቀናት የሚሞሉበት ዓምድ ያለውም ለዚሁ ነው። ያ ዓምድ ባዶ ሆኖ ከተላከ፣ ፊደሉ ኤክስም ይሁን ዜድ፣ የሚነግረን የአቅርቦቱን ችግር ነው እንጂ የታካሚውን ፍላጎት አይደለም።