ከታንከር እስከ ኖዝል፦ ፍጥነቱ የት ይቀንሳል?

በታንከሩ ያለው ውሃ ከኖዝሉ 5 ሜትር ከፍ ይላል እንበል። ኪሳራ ባይኖር ውሃው በሰከንድ 9.9 ሜትር ይወጣ ነበር። ቧንቧው ግን 20 ሜትር ርዝመትና 50 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ ሁለት ጊዜም ይታጠፋል። የኪሳራ ቁጥሮቹ የሰበቃው 8፣ የመታጠፊያዎቹ 1.8፣ የመግቢያው 0.5፣ በድምሩ 10.3 ናቸው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ኪሳራው የሚሰላው በቧንቧው ፍጥነት እንጂ በኖዝሉ ፍጥነት አይደለም። የኖዝሉ አፍ 25 ሚሊሜትር ስለሆነ የቧንቧው ፍጥነት የኖዝሉ ሩብ ነው። ኪሳራው የፍጥነትን ካሬ ስለሚከተል 10.3 ለ16 ይካፈልና 0.64 ይሆናል። ለወጪው ውሃ ጉልበት 1 ስንጨምር 1.64 እናገኛለን። 9.9ን ለ1.64 ካሬ ሥር ስናካፍል ፍጥነቱ በሰከንድ 7.7 ሜትር፣ ፍሰቱም 3.8 ሊትር ገደማ ይሆናል። መልስዎ 2.9 ሜትር ከሆነ ለ16 ማካፈሉን ዘንግተዋል።