5 ነጥብ የሚሰጠው ለየትኛው መልስ ነው?

ለግምጃ ቤት ሠራተኛ ቅጥር አንድ አመልካች ሦስት ሆነን ጠየቅን። ሲወጣ አንደኛው ባልደረባዬ 2፣ ሌላው 5፣ እኔ 4 ሰጠነው። አማካዩ 3.67 ተብሎ ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፈረ፣ ፈረምን። በኋላ ስንነጋገር 2 የሰጠው፣ አመልካቹ ሲናገር ድምፁ ስላነሰበት፣ 5 የሰጠው ደግሞ ታማኝ ስለመሰለው ነበር። እኔ ለምን 4 እንደሰጠሁ ማስታወስ እንኳ አልቻልኩም። ሦስታችንም የተለያየ ነገር ለክተን ቁጥሩን ደምረን ለሦስት አካፍለናል።

ችግሩ የጀመረው ከጥያቄው ነው። «ጠንካራ ጎንህ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ማንም ሰው ቤቱ አጥንቶት የሚመጣውን መልስ ነው የሚያመጣው። ጥሩ ጥያቄ የሚገኘው ሥራውን ከሚያውቁ ሰዎች ነው። የንብረት ክፍል ኃላፊውን «ጎበዙ ሠራተኛ ከደካማው የተለየበትን አንድ ቀን ንገረኝ» ብትሉት፣ ብዙ ጊዜ ባለሥልጣን ያለ ወረቀት ዕቃ የጠየቀበትን ቀን ያነሳል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጣል። ስለዚህ ጥያቄው እንዲህ ይሆናል፦ «ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አንድ የክፍል ኃላፊ መጥቶ፣ ‹መኪናው ሌሊት ለመስክ ስለሚወጣ ሁለት ጎማ አሁኑኑ አውጣልኝ፣ ወረቀቱን ነገ አስፈርሜ አመጣለሁ› አለህ። ምን ታደርጋለህ?» ንብረቱም መጠበቅ አለበት፣ ሥራውም መቆም የለበትም። ትክክለኛው መልስ ከጥያቄው ላይ አይነበብም።

ቀጥሎ የሚመጣው ዋናው ሥራ ነው፤ አብዛኛው ኮሚቴ የሚዘለውም እሱን ነው። አመልካች ከመጠራቱ በፊት የእያንዳንዱ ነጥብ መልስ ምን እንደሚመስል በጽሑፍ ይቀመጣል። ለጎማው ጥያቄ ይህን ይመስላል፦

1 — «ኃላፊ ካዘዘኝ አወጣለሁ፣ ወረቀቱን ነገ እቀበላለሁ።»
3 — «ያለ ወረቀት አላወጣም።» ንብረቱን ጠብቋል፤ መኪናው ግን ቆሟል።
5 — አያወጣም፤ ግን ፈራሚው ከሌለ ተወካዩን ይፈልጋል፣ ሞዴል 22 እዚያው ያስቆርጣል፣ ወጪውን በቢን ካርድ ላይ ወዲያው ይመዘግባል።

2 እና 4 በመካከል ለሚወድቁ መልሶች ይቀራሉ። «በጣም ጥሩ»፣ «መካከለኛ» ብሎ መጻፍ ግን ምንም አይጠቅምም፤ አንዱ መካከለኛ የሚለውን ሌላው በጣም ጥሩ ይለዋልና።

ፓትሪሺያ ስሚዝ እና ሎርን ኬንዳል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1963 ለነርሶች ምዘና እንዲህ ያለ መለኪያ ሲያዘጋጁ አንድ ጥሩ መፈተሻ ተጠቅመዋል። በአንድ ቡድን የተሰበሰቡትን ምሳሌዎች ለሌላ ቡድን ሰጥተው መልሶ እንዲመድባቸው አደረጉ፤ ያልተስማሙበትን ጣሉ። እናንተም የናሙና መልሶቻችሁን አደባልቃችሁ ለሁለት የሥራ ባልደረቦች ስጡና ነጥብ እንዲሰጡበት አድርጉ። አንዱ 2 ሌላው 4 የሰጡት ምሳሌ ካለ፣ ቃሉ ግልጽ ስላልሆነ ይስተካከል ወይም ይውጣ።

ጠያቂዎቹ ክፍሉ ውስጥ ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ቅደም ተከተል ያቀርባሉ። መልሱ አጭር ከሆነ «ከዚያስ?» ማለት ይቻላል፤ ለአንዱ ከተባለ ግን ለሌላውም ይባላል። እያንዳንዱ ጠያቂ የሰማውን ቃል ጽፎ፣ ነጥቡን ጥያቄው እንዳለቀ ብቻውን ይሞላል። መጨረሻ ላይ በአንድ ጊዜ ከተሞላ የመጀመሪያው ጥሩ መልስ የኋላውን ደካማ መልስ ይሸፍነዋል። ከዚያ ሁሉም ነጥቡን ይገልጣል። ልዩነቱ 2 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ክርክር ሳይሆን ንባብ ይቅደም፤ እያንዳንዱ የጻፈውን የአመልካቹን ቃል ያንብብ። ያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ አንዱ «ተወካዩን እፈልጋለሁ» የሚለውን ሳይሰማ ቀርቶ ይገኛል።

አመልካች በዝቶ በሁለት ክፍል ሲከፈል ሌላ ችግር ይመጣል። አንድ ቡድን ሁሉንም የሚጠይቅ ከሆነ የአንዱ ጠያቂ ነጥብ ቆጣቢነት ሁሉንም አመልካች እኩል ይነካል፤ ደረጃቸው አይለወጥም። በሁለት ክፍል ግን የአንደኛው አማካይ 4.1፣ የሌላው 3.2 ቢሆን፣ የተለያዩት አመልካቾቹ ይሁኑ ጠያቂዎቹ ከቁጥሩ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ሁለቱም ቡድኖች ለአንድ የተጻፈ የናሙና መልስ ነጥብ ይስጡና ያነጻጽሩ፤ ከዚያም በየግማሽ ቀኑ አንድ ጠያቂ ይቀያየሩ።

ይህ ሁሉ ተሠርቶም መለኪያው አመልካቹ የሚያውቀውን እንጂ የሚያደርገውን አያረጋግጥም። ለግምጃ ቤት ሥራ ቃለ መጠይቁ ብቻውን አይበቃም፤ ሃያ ዕቃ ቆጥሮ ከቢን ካርዱ ጋር እንዲያመሳክር ግማሽ ሰዓት ስጡት፣ ነጥቡንም ለብቻው መዝግቡ።