የቀጭኔ አንገት፦ ጥቅሙና ዋጋው



ቀጭኔ አንገቷ ለምን ረዘመ ብለን ስንጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ጥቅሙን ነው። እኔ ግን ዛሬ ከዋጋው ልጀምር፤ ዋጋው የሚከፈለው በደም ግፊት ነውና።

አንድ ሜትር ቁመት ያለው የደም ዓምድ በሥሩ 77 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ግፊት ያሳድራል። አንጎሏ ከልቧ 1.6 ሜትር ከፍ ያለ ቀጭኔ እናስብ። ደሙ ወደ ላይ ሲወጣ 120 ያህል ግፊት ያጣል። ስለዚህ አንጎል 80 ያህል እንዲደርሰው ልብ አጠገብ ያለው አማካይ ግፊት 200 መሆን አለበት፤ ይህም ከሰው እጥፍ ነው። በተግባር የተለካውም ወደዚሁ ይቀርባል። ይህን ጫና የምትሸከመው ልብ ከሰውነቷ ክብደት አንጻር ከሌሎች አጥቢዎች ልብ የተለየች ግዙፍ አይደለችም። ልዩነቱ የግራው ታችኛ ክፍል ግድግዳው ወፍራም፣ ውስጡ ጠባብ መሆኑ ነው፤ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ጥቂት ቢሆንም ግፊቱ ኃይለኛ ነው።

ቀጭኔ ውኃ ልትጠጣ ስታጎነብስ ችግሩ ይገለበጣል። አሁን አንጎል ከልብ በታች ነው። በዚህ ጊዜ ደሙ በአንገቷ ሰፊ ደም መልሶች ውስጥ ይጠራቀማል፤ ወደ ልብ የሚመለሰው ስለሚቀንስ ግፊቱም ይወርዳል። ቀና ስትል የተጠራቀመው ደም በአንድ ጊዜ ወደ ልብ ስለሚፈስስ ልብ በኃይል ትረጫለች፤ እንስሳዪቱም ራሷን አትስትም። እግሮቿን ደግሞ ጥብቅ ቆዳና ከጉልበት በታች የሚጠብቡ ደም ቅዳዎች ከእብጠት ይጠብቋቸዋል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ዋጋ የሚያስከፍል ምን ጥቅም ተገኘ? የቆየው መልስ የምግብ ሽሚያ ነው። ካሜሮንና ዱ ቶይት እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት የደቡብ አፍሪካ ጥናት፣ ቀጭኔዎች ከፍ ካለው ቅርንጫፍ በአንድ ጉርሻ የሚያገኙት ቅጠል ከዝቅተኛው የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ትናንሽ ቅጠል በሊታዎች እንዳይደርሱባቸው አንድ ሙሉ የዕድገት ወቅት በታጠሩ ዛፎች ላይ ግን ልዩነቱ ጠፋ። የከፍታውን ብልጫ የፈጠረው ሽሚያው ነበር ማለት ነው።

ሲመንስና ሺፐርስ እ.ኤ.አ. በ1996 ይህን መልስ ሞግተዋል። ቀጭኔዎች በበጋ እንኳ ብዙውን ጊዜ በትከሻቸው ከፍታ እንደሚመገቡ አስታውሰው፣ አንገት የረዘመው ወንዶቹ ለእንስት በአንገት ስለሚፋለሙ ነው አሉ። ይህ እውነት ቢሆን የወንዱ አንገት ከሰውነቱ መጠን አንጻር ከእንስቷ ጎልቶ እንዲረዝም እንጠብቃለን። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ልኬቶች ይህን ትንበያ አልደገፉትም።

በእኔ ግምት ፍልሚያው በረዘመው አንገት የተገኘ ተጨማሪ ጥቅም እንጂ የመርዘሙ መነሻ አይደለም። እንስቷም ያንኑ የደም ግፊት ዋጋ ትከፍላለች፤ ስለዚህ እርሷንም የሚጠቅም ምክንያት ልናቀርብ ይገባናል። ምግብ ያንን ያሟላል።