የልጄን ፊት በሌላ ምስል ላይ አታውሉት

የምዝገባ ወቅት ሲደርስ የግል ትምህርት ቤቶች ባነርና በራሪ ወረቀት ያሠራሉ። አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ በባነሩ ላይ ነጭ ጋውን ለብሳ ማይክሮስኮፕ ስታይ ትታያለች እንበል። ፊቷ የራሷ ነው። ትምህርት ቤቱ ግን ቤተ ሙከራ የለውም፤ ልጅቷም ጋውን ለብሳ አታውቅም። ፊቷ በወላጆች በዓል ቀን ከተነሳችው ፎቶ ተቆርጦ የወጣ ነው፤ ቀሪውን የሠራው ኤአይ ነው። እናቷ ባነሩን ያየችው የትምህርት ቤቱ ቴሌግራም ቻናል ላይ ከተለጠፈ በኋላ ነው።

እንዲህ ያለውን ምስል ለመለየት ከፊቱ ይልቅ ዙሪያውን ማየት ይሻላል። ሰሌዳው ወይም የደረት ባጁ ላይ ያለው ጽሑፍ ፊደል መስሎ የማይነበብ ከሆነ ያጠራጥራል፤ እነዚህ መሣሪያዎች የአማርኛ ፊደልን ብዙ ጊዜ ያበላሻሉና። ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ጣትም ይታይ። ምስሉ ንጹሕ ሆኖ መገኘቱ ግን እውነተኛ ፎቶ ነው ማለት አይደለም።

«ሲመዘገቡ ፎቶ እንድንጠቀም ፈርመዋል» የሚል መልስ መምጣቱ አይቀርም። ሕጉን ማወቅ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 27፣ የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይና እንዳይባዛ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ልዩ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል፤ ከእነሱም አንዱ በአደባባይ ከተደረገ ነገር ጋር የተያያዘ ምስል ነው። ትምህርት ቤት በበዓል ቀን ያነሳውን ፎቶ ሲለጥፍ በዚህ ሊከራከር ይችላል። ቤተ ሙከራው ውስጥ ያለችው ልጅ ግን የየትኛውም ዝግጅት ምስክር አይደለችም፤ ያልሆነ ነገር ነው የሚታየው። ስለዚህ በእኔ አመለካከት ልዩ ሁኔታው እዚህ አይሠራም፤ ለተራ ፎቶ የተሰጠ ፊርማም ለዚህ አይበቃም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የተሰጠ ፈቃድ መልሶ ሊነሳ እንደሚችል ይደነግጋል።

ከባነሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ የፎቶው ጉዞ ነው። ዲዛይነሩ ብዙ ጊዜ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ አይደለም። ፎቶው በቴሌግራም ይላክለታል፤ እሱም በስልኩ ባለው ነጻ መተግበሪያ ላይ ይጭነዋል። ከዚያ በኋላ የት እንደሚቀመጥ ርዕሰ መምህሩም አያውቁም። እ.ኤ.አ. በ2024 ሂዩማን ራይትስ ዎች የብራዚል ልጆች ፎቶዎች፣ ምስል የሚፈጥሩ መሣሪያዎች ለሚሠለጥኑበት ላዮን-5ቢ ለተባለ ስብስብ ጥቅም ላይ መዋላቸውን አጋልጧል፤ አንዳንዶቹ የልጁ ስም ሳይቀር ያለባቸው ነበሩ። አገናኞቹ ከስብስቡ ሊወጡ ይችላሉ፤ በእነሱ የሠለጠነ መሣሪያ ግን የተማረውን አይመልስም። ለዚህ ነው ደብዳቤው ባነር ከመሠራቱ በፊት መድረስ ያለበት።

አጭር ይሁን፤ የሚከለከለውና የሚፈቀደው ተለይቶ ይጻፍ። ለምሳሌ፦

*ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር*

*ጉዳዩ፦ የልጄ ፎቶ በኤአይ ወይም በቅንብር ለሚሠራ ምስል እንዳይውል ስለመጠየቅ*

*ልጄ በትምህርት ቤታችሁ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። መምህራኖቿ ለምታደርጉላት እንክብካቤ አመሰግናለሁ። ፎቶዋ፣ ፊቷ ወይም ድምፅዋ ኤአይ መሣሪያ ላይ እንዳይጫን፣ ከሌላ ምስል ጋር እንዳይቀናበርና ያላደረገችውን እንዳደረገች አድርጎ እንዳይታይ እጠይቃለሁ። በምዝገባ ቅጹ ላይ የሰጠሁት ፈቃድ ይህን አያካትትም።*

*የክፍል የጋራ ፎቶ ላይ እንድትነሳና በክፍሏ ሰሌዳ ላይ እንዲሰቀል ፈቃደኛ ነኝ፤ በዚህ ጥያቄ ምክንያት ከማንኛውም ዝግጅት እንዳትገለል አደራ እላለሁ። እስካሁን የተሠራ ካለ ከቻናሉ እንዲነሳ፣ ፎቶዋ ለውጭ ዲዛይነር ተልኮ ከሆነም ፋይሉ እንዲጠፋ ተደርጎ በጽሑፍ ይገለጽልኝ።*

*ከሰላምታ ጋር*

*ግልባጭ፦ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት*

ስለ ጋራ ፎቶ የተጻፈችው መስመር ቀላል አይደለችም። ወላጅ «ፎቶ አልፈቅድም» ብሎ በደፈናው ሲጽፍ፣ ጥፋት እንዳይመጣባት የፈራች መምህርት ልጁን ከረድፉ አውጥታ ዳር ልታቆመው ትችላለች። ዋጋውን የሚከፍለው ያኔ ልጁ ነው። ፊት ማደብዘዝም በቂ መፍትሔ አይደለም፤ የሚደበዝዘው የሚለጠፈው ቅጂ ነው፤ ዋናው ፋይል በዲዛይነሩ ስልክ ላይ እንዳለ ይቀራል።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይዞ ሄዶ አንዱ ላይ «ደርሶናል» የሚል ፊርማና ማኅተም ማስደረግ ያስፈልጋል። የተለጠፈ ምስል ካለ፣ እንዲነሳ ከመጠየቅ በፊት ቀኑ ከሚታይበት ስክሪንሾት ጋር ይቀመጥ፤ ከተነሳ በኋላ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል። ትምህርት ቤቱ መልስ ከነፈገ፣ በአዋጁ መሠረት አቤቱታ የሚቀርበው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ማኅተም ያለበት ቅጂና ስክሪንሾቱ አብረው ይቀርባሉ።