ሃያ ካርቶን ወረቀት ሁለት ጊዜ ሲጠየቅ

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ አነስተኛ ማተሚያ ቤት እንውሰድ። ወረቀት የሚገዛው ከአንድ አስመጪ በሠላሳ ቀን ዱቤ ነው። ኅዳር 3 ቀን 20 ካርቶን፣ ኅዳር 5 ቀን 12 ካርቶን፣ ኅዳር 6 ቀን ደግሞ ሌላ 20 ካርቶን መጣለት። የአንዱ ካርቶን ዋጋ ከቫት በፊት 3,000 ብር ነው እንበል። ሻጩ በማግስቱ የሦስቱንም ርክክብ አጠቃሎ ኢንቮይስ ቆረጠ። ኢንቮይሱ ላይ ግን ያለው አራት መስመር ነው። አንደኛው 20፣ ሁለተኛው 12፣ ሦስተኛው 20፣ አራተኛውም 20 ካርቶን ይላል። ድምሩ 216,000 ብር፣ 15 በመቶ ቫት ሲጨመርበት 248,400 ብር ሆኗል።

ትክክለኛው ሂሳብ 52 ካርቶን፣ ማለትም 156,000 ብር ነው። ከነቫቱ 179,400 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 69,000 ብር ነው፤ ከዚህ ውስጥ 60,000ው የወረቀት ዋጋ፣ 9,000ው ቫት ነው።

እንዲህ ያለ ስህተት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከክፋት ሳይሆን አንድን ሽያጭ ሁለት ወረቀት ስለሚከተለው ነው። የገዢው ማዘዣ አንድ ቁጥር አለው፤ ዕቃው ሲጫን የሚጻፈው ማስረከቢያ ሌላ ቁጥር አለው። የሻጩ ሂሳብ ክፍል ሦስቱን መስመሮች ከማስረከቢያው ሲጽፍ፣ አራተኛውን ደግሞ ሌላ ሠራተኛ ከማዘዣው አንሥቶ አስገብቶታል። ቁጥሮቹ ስለማይመሳሰሉ ኮምፒውተሩም አይቃወምም። ተበላሽቷል ተብሎ እንደገና የተቆረጠ ኢንቮይስ የቀድሞው ሳይሰረዝ ሲቀርም ያው ይሆናል። ዕቃው ሲነሣ እጅ በእጅ የተከፈለበት ሂሳብ እንደገና በዱቤ መዝገብ ሲገባም እንዲሁ።

ገዢው ስህተቱን ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣለት ክርክር «20 ካርቶን፣ 60,000 ብር ሁለት ጊዜ ተጽፏል» የሚል ነው። ይህ ክርክር አይበቃም። በእኛ ምሳሌ ኅዳር 3 እና ኅዳር 6 የመጡት ሁለቱም 20 ካርቶን ናቸው፣ ዋጋቸውም እኩል ነው፣ ሁለቱም ግን እውነተኛ ርክክቦች ናቸው። መጠንና ዋጋ መመሳሰሉን ብቻ ይዞ የሚከራከር ሰው ሻጩ ሁለት የተፈረሙ ማስረከቢያዎች ሲያወጣለት ያፍራል። መረጋገጥ ያለበት ዕቃው ስንት ጊዜ በር እንደገባ ነው።

ይህን የሚያውቀው ደግሞ ግምጃ ቤቱ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ ገቢ የሚሆነው በሞዴል 19 ነው፤ በግል ድርጅትም የዚያ አምሳያ የሆነ የዕቃ መረከቢያ ሰነድ አለ። የማተሚያ ቤታችን ሂሳብ ሠራተኛ ከኢንቮይሱ መስመር አንድ በአንድ እየተነሣች የሻጩን ማስረከቢያ ከራሷ መረከቢያ ጋር ታገናኛለች። ለሦስቱ መስመሮች የተፈረመ ማስረከቢያና መረከቢያ ይገኛል። ለአራተኛው መስመር ማዘዣ ብቻ እንጂ የመኪና ሰሌዳ፣ ቀንና የተረካቢ ፊርማ ያለበት ወረቀት አይገኝም። ከዚያ ቢን ካርዱን ትመለከታለች። በዚያ ሳምንት ገቢ የተደረገው 52 ካርቶን ነው፤ ወጪው ተቀንሶ ያለው ቀሪም መደርደሪያው ላይ ከተቆጠረው ጋር ይስማማል። ቆጠራው ካልተስማማ ግን ደብዳቤ ከመጻፍ በፊት የራስን ቤት መመርመር ይቀድማል፤ ሳይመዘገብ የገባ ዕቃ ሊኖር ይችላልና።

ማረጋገጫው በእጅ ከገባ በኋላ ስልክ መደወሉ አይከፋም። ከሽያጭ ሠራተኛው የሚሰማው መልስ ግን ብዙውን ጊዜ «ችግር የለም እህቴ፣ በሚቀጥለው ግዢ ላይ እንቀንስላችኋለን» የሚል ነው። ሰውዬው በቅን ልቦና የተናገረው ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ይህን ቃል መቀበል ለሁለቱም ወገን ጉዳት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱ ቫቱ ነው።

ቫት በኢትዮጵያ የሽያጭ ታክስን ተክቶ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት የቆየ ነው። አሠራሩ የሻጩንና የገዢውን ወረቀት አንዱን በሌላው ላይ ያስራል። ሻጩ በኢንቮይሱ ላይ የጻፈውን ቫት ሰበሰብኩ ብሎ ያስታውቃል፤ ገዢው ያንኑ ቫት በግዢ ከፈልኩ ብሎ ከራሱ የሽያጭ ቫት ላይ ይቀንሳል። አሁን ኢንቮይሱ ሳይታረም ቢቀር፣ ሻጩ ላልሸጠው ወረቀት 9,000 ብር ለመንግሥት ያስገባል፣ ገዢው ደግሞ ያልተረከበውን ወረቀት ቫት ያቀናንሳል። የገዢው መዝገብም የ60,000 ብር ወረቀት ተገዛ እያለ ግምጃ ቤቱ አልገባም ይላል። በሚቀጥለው ግዢ «ሲቀነስ» ደግሞ ያ እውነተኛ ሽያጭ ከዋጋው በታች ተጽፎ ይቀርባል። ኦዲተር ሲመጣ አንዱ ኢንቮይስ ከእውነቱ በላይ፣ ሌላው ከእውነቱ በታች ሆነው ይገኛሉ፤ ያን ጊዜ በስልክ የተባለውን የሚያስታውስ ሰው አይገኝም።

ለዚህ የተበጀው ሰነድ ክሬዲት ኖት ነው። ክሬዲት ኖት ሻጩ ቀደም ብሎ የቆረጠውን ኢንቮይስ በቁጥሩ ጠቅሶ «ከዚህ ላይ ይህን ያህል ዋጋና ይህን ያህል ቫት ይቀነስ» የሚልበት ወረቀት ነው። ሻጩ በእርሱ መነሻነት የሽያጭ ቫቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ገዢው የግዢ ቫቱን ዝቅ ያደርጋል። የመጀመሪያው ኢንቮይስ አይቀደድም፣ ከጥራዙም አይወጣም። የገዢው ቅጂ ገና ከሻጩ ቢሮ ሳይወጣ ስህተቱ ከታየ ብቻ ሁሉንም ቅጂ ጥራዙ ላይ አስቀርቶ «ተሰርዟል» ብሎ መጻፍና አዲስ መቁረጥ ይቻላል። ሽያጩ በሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ከታተመ ግን መሣሪያው የመዘገበውን አይፍቅም፤ እርማቱ ራሱን የቻለ ምዝገባ ሆኖ የመጀመሪያውን ደረሰኝ ይከተላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደባልቀውን ነገር መለየት ይገባል። ኢንቮይሱ ትክክል ሆኖ ገዢው ክፍያውን ሁለት ጊዜ ቢያስተላልፍ፣ ለምሳሌ አንዱን በቼክ አንዱን በባንክ ዝውውር፣ ያ የክሬዲት ኖት ጉዳይ አይደለም። ሽያጩም ቫቱም የተመዘገቡት አንድ ጊዜ ነው። የሚጠየቀው ገንዘቡ እንዲመለስ ወይም በቅድሚያ ክፍያ እንዲያዝ ነው፤ ማስረጃውም የባንክ መግለጫ ነው። ለእንዲህ ያለው ክሬዲት ኖት ቢቆረጥ እውነተኛ ሽያጭ ከመዝገብ ይሰረዛል።

ወደ ማተሚያ ቤቱ እንመለስ። የሚጻፈው ደብዳቤ ረጅም መሆን የለበትም። ለሻጩ ሂሳብ ክፍል ተመርቶ፣ ግልባጩ ለሽያጭ ክፍሉ ሆኖ፣ እንዲህ ቢል ይበቃዋል፦

«ጉዳዩ፦ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ሂሳብ እንዲስተካከል ስለመጠየቅ። ኅዳር 7 ቀን በቆረጣችሁልን ኢንቮይስ በአራተኛው መስመር የተጠቀሰው 20 ካርቶን ወረቀት በአንደኛው መስመር ኅዳር 3 ቀን ተረክበናል የተባለው ያው ዕቃ ነው። የማዘዣ ቁጥሩም ለዚሁ ርክክብ የተሰጠ ነው። የሦስቱን ርክክቦች ማስረከቢያና የግምጃ ቤታችንን መረከቢያ ቅጂ አያይዘናል። ስለዚህ የ60,000 ብር ዋጋና የ9,000 ብር ቫት፣ በድምሩ 69,000 ብር ክሬዲት ኖት እንዲሰጠን እየጠየቅን፣ ያልተከራከርንበትን 179,400 ብር በቀኑ የምንከፍል መሆኑን እናሳውቃለን።»

የኢንቮይሱ፣ የማዘዣውና የማስረከቢያዎቹ ቁጥሮች በቦታቸው ይገባሉ፤ ደብዳቤው ፊርማና ማኅተም ይኖረዋል፤ ሲሰጥም የተቀባይ ፊርማና ቀን ያለበት ቅጂ ይቀራል። የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር አክብዳችሁ እዩልኝ። በአንድ መስመር ምክንያት ሙሉውን ክፍያ የሚይዝ ገዢ ክርክሩን ወደ ዱቤ አለመክፈል ይለውጠዋል፤ ሻጩም የሚቀጥለውን ጭነት ለማቆም ምክንያት ያገኛል። የማያከራክረው በቀኑ ሲከፈል ግን ጥያቄው ስለ 20 ካርቶን ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከክፍያው ላይ ቅድመ ግብር የሚይዝ ገዢም ስሌቱን ከ156,000 ብር ላይ ይሥራው፤ በ216,000 ተሠልቶ የተቆረጠ የቅድመ ግብር ደረሰኝ ሌላ እርማት ይወልዳል።

ዱቤው በቼክ የተያዘ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ብዙ ነጋዴ ዕቃ ሲወስድ የወደፊት ቀን የተጻፈበት ቼክ ይሰጣል። ማተሚያ ቤቱ ኢንቮይሱን ሳያጣራ 248,400 ብር ጽፎ ሰጥቶ ከሆነ፣ «ተከራክሬበታለሁ» ብሎ ሂሳቡን ባዶ ማድረግ የለበትም። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ የሚያስጠይቅ ነው፤ በኢንቮይሱ ላይ ያለ ክርክር ደግሞ ከቼኩ ጋር ባንክ ቤት አይቀርብም። የሚሻለው ቼኩ ከመቅረቡ በፊት በ179,400 ብር ቼክ እንዲለወጥ በጽሑፍ መጠየቅ ነው። ሻጩ እንቢ ካለና ቼኩ ከተመነዘረ፣ ክሬዲት ኖቱ እንደተጠበቀ ሆኖ 69,000 ብሩ የሚመለስ ገንዘብ ይሆናል።

ሻጩ ካመነታ ወደ ራሱ ግምጃ ቤት ይመልከት ማለት ይጠቅማል። ሁለት ጊዜ የተመዘገበው ሽያጭ ከእርሱም ክምችት ላይ 20 ካርቶን ቀንሶ ከሆነ፣ ቆጠራ ሲያደርግ ከመዝገቡ 20 ካርቶን ይተርፈዋል። ይህ ከገዢው አፍ የወጣ ሳይሆን ከገዛ መደርደሪያው የተገኘ ማስረጃ ስለሆነ ከደብዳቤ ይልቅ ያሳምነዋል። ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ግን ገዢው የአራተኛውን መስመር 9,000 ብር ቫት በወርኃዊ ማስታወቂያው ውስጥ ባያቀናንስ ይሻላል።

ክሬዲት ኖቱ ሲመጣ ወዲያው ፋይል ውስጥ አይከተትም፤ መነበብ አለበት። የመጀመሪያውን ኢንቮይስ ቁጥርና ቀን፣ የሁለቱንም ድርጅቶች የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ዋጋውንና ቫቱን ለየብቻ መያዙ ይታያል። «69,000 ብር» ብቻ ተብሎ በጅምላ ከተጻፈ ቫቱ ስንት እንደሆነ ስለማይታወቅ ይመለሳል። ከሁሉ በላይ ግን ምክንያቱ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ይታይ። ሠራተኞች ከልማድ «20 ካርቶን ተመላሽ ዕቃ» ብለው ይጽፋሉ። እንዲያ የሚል ክሬዲት ኖት ለገዢው ግምጃ ቤት ሲደርስ ንብረት ጠባቂው ያልወጣ 20 ካርቶን ከቢን ካርዱ ላይ ይቀንሳል፤ ሻጩም ያልተመለሰለትን ዕቃ ገቢ ያደርጋል። «ቅናሽ» ብሎ መጻፍም ስህተት ነው፤ ዋጋ የቀነሰ የለምና። ምክንያቱ «በአንድ ርክክብ ሁለት ጊዜ በመመዝገቡ የተደረገ እርማት» መባል ይኖርበታል። ይህ ከተስተካከለ በኋላ ከሻጩ የሂሳብ መግለጫ ይጠየቃል፤ በመግለጫው ላይ የ248,400 ብሩ ኢንቮይስ፣ የ69,000 ብሩ ክሬዲት ኖትና የ179,400 ብሩ ክፍያ በየቀናቸው ተጽፈው ቀሪው ዜሮ ሆኖ መገኘት አለበት።